ዲግሪሽን ማን ነው ያልተቀበለው?

ውድ እትዬ፣

የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። ዲቪ ደርሶን ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን 2 ዓመት ተኩል ሆነን። አገር ቤት በ2001 ዓ.ም. በፋርማሲ ተመርቄ 3 ዓመት ሆስፒታል ሠራሁ። ከዚያ ላብራቶሪ ይሻለኛል ብዬ በራሴ ጥያቄ ለቅቄ፣ አዲስ አበባ አንድ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ 10 ዓመት በጥራት ቁጥጥር ክፍል ቆየሁ። አሁን ዲሲ መሃል አንድ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሒሳብ እቀበላለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል።

እንደመጣን የፋርማሲስት ፈቃድ ላወጣ ብዬ ወረቀቴን ላክሁ፤ ከፈልኩ፤ ወራት ጠበቅሁ። መልሱ «የተማርሽው 4 ዓመት ነው፤ የሚፈለገው 5 ነው» የሚል ሆነ። አንድ የቤተ ሰብ ወዳጅ «ከ2003 በፊት ለተመረቀ 4 ዓመት ይበቃል። ያንቺ ምረቃ 2001 አይደል? ዓመተ ምሕረቱን ሳታብራሪ እንደገና አመልክቺ» አለኝ። አላደረግሁትም፤ ግን አሁንም ያብከነክነኛል። ሁሉም ሰው ነርሲንግ ግቢ ይለኛል። አንድ ሴሚስተር አናቶሚ ከኪሴ ከፍዬ ወስጄ ቢ አመጣሁ፤ ልቤ ግን አልገባበትም። የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ «ፎርሙ ላይ ዲግሪ የለኝም በዪ፤ ፔል ግራንት ይከፍልልሻል» ትለኛለች።

እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ፋርማሲስት ናት» ብላለች። ስትደውልልኝ የመኪና ድምፅ እንዳትሰማ ደረጃው ሥር ገብቼ ነው የማነሳው። 16 ዓመት ተምሬ 13 ዓመት ሠርቼ ከዜሮ ልጀምር? ምን ይሉኛል?

የሌሊቷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

—

የኔ እመቤት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እዚህ አገር ስመጣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርሁ፤ ጡረታ የወጣሁት ከመድኃኒት ጥራት ላብራቶሪ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግርሽ ከሰው የሰማሁትን ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የተጠየቅሽውንና የተከለከልሽውን እንለይ። አንቺ «ዲግሪዬን አልተቀበሉኝም» ብለሽ ይዘሽዋል። ያልተቀበሉሽ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመደርደሪያው ኋላ ቆመሽ ለበሽተኛ መድኃኒት የማደል ፈቃድ መንገድ። ያ መንገድ የውጭ ምሩቃንን የሚያጣራው ኤፍፒጂኢሲ የሚባለው ሰርተፊኬት ነው፤ ሕጉም ወዳጃችሁ እንዳለው ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት የተመረቀ 4 ዓመት ይበቃዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተመረቀ 5 ዓመት መማር አለበት። ያንቺ 2001 በፈረንጅ 2009 ነው። ዓመቱን ሳታብራሪ ብትልኪው፣ ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራሩ በቀጥታ ስለሚሄድ ይገኛል። ሲገኝ ደግሞ ስሕተት ነው ብለው አያልፉትም፤ ማጭበርበር ይሉታል፤ ያ ከአንድ መሥሪያ ቤት አልፎ ሌላም ቦታ ይከተልሻል። እንኳን አላደረግሽው። ከእንግዲህም አያብከንክንሽ።

ፋርማሲስት ሆነሽ መደርደሪያው ኋላ ለመመለስ የቀረው መንገድ ፋርም ዲ እንደገና መማር ነው። ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ይፈጃል፤ ጥቂት ኮሌጆች ለውጭ ምሩቃን ያሳጥሩታል። ክፍያው ከባድ ነው። ሆስፒታሉን ራስሽ ለቅቀሽ የወጣሽ ሰው ነሽና ይህን ሁሉ ከፍለሽ የለቀቅሽው ቦታ መመለስሽ አይታየኝም።

አሁን ወደ ዲግሪሽ። የዲግሪ ግምገማ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ደብልዩ ኢ ኤስ የሚባለውን ነው። እነሱ የሚመልሱት ጥያቄ «ይህች ሴት ፋርማሲስት ናት ወይ» የሚለውን አይደለም፤ «ይህ ወረቀት በአሜሪካ ምን ያህላል» የሚለውን ነው። ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ የ4 ዓመት ዲግሪ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ ባችለር ያህላል ተብሎ ይመለሳል። ፈቃድ የከለከለሽ ያው 4 ዓመት፣ እዚህ ሙሉ ባችለር ሆኖ ይቆጠርልሻል። አንዱ በር ላይ የጎደለሽ ሌላው በር ላይ ሞልቶ ነው የሚጠብቅሽ።

ይህን ስታሠሪ ሁለት ቦታ ተጠንቀቂ። አንደኛው ስም ነው። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም በተርታ ተጽፏል፤ ግሪን ካርድሽ ላይ ደግሞ የአያትሽ ስም «የቤተ ሰብ ስም» ሆኖ ይሆናል፤ አንዳንዱ ላይ የአባትም ይሆናል። አንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ፋይሉ ሊቆም ይችላል። ከማመልከትሽ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ፊደል በፊደል አስተያዪ፤ ልዩነት ካለ ገና ስታመለክቺ አብራሪላቸው። ሁለተኛው የግምገማው ዓይነት ነው። ደረጃውን ብቻ የሚናገር አጭር ግምገማ አለ፤ እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝርም አለ። ለቀጣሪ አጭሩ ይበቃል፤ ኮሌጅ ግን ዝርዝሩን ነው የሚፈልገው። ዝርዝሩን አሠሪ። ትንሽ ቢወደድም አንዴ ከፍለሽ ለሁለቱም ትጠቀሚበታለሽ።

ፔል ግራንቱን ላሳጥረው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ለሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ፔል ግራንት አያገኝም፤ ዲግሪው የውጭ አገርም ቢሆን። ከአሜሪካ ባችለር አይተካከልም የሚል ማስረጃ ካልመጣ በቀር ያንቺ ያስከለክላል። የክፍል ጓደኛሽ የምትልሽ ለመንግሥት በተፈረመ ወረቀት ላይ መዋሸት ነው። በኋላ ያገኙት እንደሆነ ገንዘቡን ከነቅጣቱ ያስመልሱሻል። ከዚያም በላይ ደግሞ አስቢው፤ ባችለር የለኝም ብለሽ ከፈረምሽ ያንኑ ባችለር ለሥራ ልታወጪው ነው? የፌዴራል የትምህርት ብድር ግን ዲግሪ ላለውም ስለሚሰጥ፣ ካስፈለገ በሐቀኛው መንገድ የሚገኝ ገንዘብ አለ።

ስለ ነርሲንግ የማከብረው ሙያ ስለሆነ በክብር ልናገር። ለብዙ እህቶቻችን ቤት ሠርቷል። አንቺም ብትፈልጊው ከሌላው ሰው የተሻለ በር አለሽ፤ ባችለር ላላቸው ብቻ የተዘጋጀ፣ ከ12 እስከ 18 ወር የሚያልቅ የተፋጠነ ፕሮግራም። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር አለ፤ ስትጽፊው አላስተዋልሽው ይሆናል። «ላብራቶሪ ይሻለኛል ብዬ በራሴ ጥያቄ ለቀቅሁ» ብለሻል። ሆስፒታል ውስጥ 3 ዓመት ሠርተሽ አይተሽዋል፤ አልፈለግሽውም። ቢ ያመጣ አእምሮ መማር አያቅተውም፤ ያቃተሽ መውደዱ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ላሳይሽ።

አዲስ አበባ ላብራቶሪሽ ውስጥ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ጠርዙ በብዙ እጅ የተላላጠ ወፍራም መጽሐፍ ነበር አይደል? ዩኤስፒ። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ። ክኒኑ ስንት ደቂቃ ውስጥ መሟሟት አለበት፣ ስንት በመቶ መድኃኒት ይያዝ የሚለውን የምታዪበት። የዚያ መጽሐፍ ዋና መሥሪያ ቤት የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ሮክቪል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቅ። ኤፍዲኤ ራሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዋይት ኦክ ላይ ነው ያለው። ከሮክቪል በአውራ ጎዳና 270 ወደ ጋይተርስበርግና ፍሬደሪክ ስትወጪ ግራና ቀኙ የመድኃኒትና የባዮቴክ ኩባንያ ነው። 10 ዓመት የሠራሽበት ሙያ ጎረቤትሽ ሆኖ ነው አንቺ ዳስ ውስጥ የተቀመጥሽው።

የጥራት ቁጥጥር ተንታኝ ለመሆን የፋርማሲስት ፈቃድ አይጠየቅም። የሚጠየቀው በሳይንስ ባችለርና ሥራውን ማወቅ ነው። ግሪን ካርድ ስላለሽ ቀጣሪው ቪዛ ሊያወጣልሽ አይገደድም፤ ይህን ፎርሙ ላይ ሲጠይቁሽ በግልጽ ጻፊው፤ ከውጭ የተማረ ስም ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈሩት እሱን ነው።

እንግዲህ ሬዙሜሽ። አላየሁትም፤ ግን አብዛኛዎቻችን የምንጽፈውን አውቀዋለሁ። «በመድኃኒት ፋብሪካ ፋርማሲስት፣ የተሰጠኝን ሥራ በታማኝነት የሠራሁ።» ይህን ያነበበ ቀጣሪ «ፋርማሲስት» የሚለውን አይቶ ፈቃድ ትፈልጋለች ብሎ ያስቀምጠዋል። የሥራ መጠሪያሽን የነበረውን ሳትለውጪ ጻፊ፤ ሥሩ ያለው መስመር ግን የእጅሽን ሥራ ያሳይ። የትኛውን ማሽን ነው የነካሽው? ኤችፒኤልሲውን፣ የዲሶሉሽኑን፣ ዩቪውን፣ በስማቸው። በሳምንት ስንት ባች ትፈትሺ ነበር? አዲስ የመጣ ሠራተኛ አሠልጥነሻል? መመሪያ ጽፈሻል? ኦዲት መጥቶ ጥያቄ መልሰሻል? እነዚህን አንድ በአንድ። ፓራሲታሞል የሚለውንም አሲታሚኖፌን በዪው፤ እዚህ መጽሐፉም ሰዉም የሚጠራው እንደዚያ ነው።

ስለ «እኛ» ደግሞ ልምከርሽ። የመጀመሪያ ቃለ መጠይቄ ላይ ሁሉንም «እንዲህ አደረግን፣ እንዲህ ሠራን» ብዬ መለስሁ። ሰውዬው በትሕትና ሰማኝና «አንቺስ ምን ሠራሽ?» አለኝ። አፌ ተሳሰረ። እኔ እኔ ማለት በኛ ቤት ነውር ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን «እኛ» ያልሽውን ሥራ ሁሉ ሌላ ሰው የሠራው አድርገው ነው የሚጽፉት። ያን ሥራ አላገኘሁትም።

የሚጠይቁሽንም ላሳይሽ፤ ስታነቢው እጅሽ ራሱ ያስታውሰዋል። «የአሲታሚኖፌን ክኒን ዲሶሉሽን ሠራሽ። 6 ክኒን፣ 6 ማሰሮ፣ በእያንዳንዱ 900 ሚሊ ሊትር ፎስፌት በፈር፣ 37 ዲግሪ፣ መቅዘፊያው በደቂቃ 50 ጊዜ እየዞረ፣ 30 ደቂቃ። መስፈርቱ 80 በመቶ ነው። አምስቱ ከ90 በላይ ሆኑ፤ አንዱ 83 አመጣ። ምን ታደርጊያለሽ?» ሳያስብ የሚመልስ «ከ80 በላይ ነው፤ አልፏል» ይላል። አላለፈም። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ክኒን ከመስፈርቱ 5 በላይ፣ ማለትም 85 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የሚደናገጥ ደግሞ «ወድቋል» ይላል። አልወደቀም። ሌላ 6 ትጨምሪና የ12ቱ አማካይ 80 ወይም በላይ ከሆነ፣ አንዱም ከ65 ካልወረደ፣ ባቹ ያልፋል። አንቺ ይህን በእንቅልፍሽም ታውቂዋለሽ። ያንን ነው ማየት የሚፈልጉት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ነው። «የመድኃኒቱ ይዘት ከ90 እስከ 110 በመቶ መሆን ሲገባው 88 አመጣ። ምን ታደርጊያለሽ?» ብዙ ቦታ የሰው ደመ ነፍስ «ደግሜ እሠራዋለሁ» ነው። እዚህ አገር ያ መልስ በሩን ይዘጋብሻል። እስኪያልፍ እየደጋገሙ መፈተሽ በ1993 በፍርድ ቤት የተወገዘ ነገር ነው፤ ኤፍዲኤም በ2006 መመሪያ አውጥቶበታል። መልሱ እንዲህ ነው፦ የመዘንሁትንና የቀዳሁትን አልደፋም፤ ለአለቃዬ ወዲያው እነግራለሁ፤ አብረን ሚዛኑን፣ ስሌቱን፣ ማሽኑን፣ ስታንዳርዱን እንመረምራለን፤ የላብራቶሪ ስሕተት ከተገኘ በማስረጃ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ካልተገኘ ምርመራው ወደ ማምረቻው ይሄዳል። ሳትድፊ ያቆየሽው ብልቃጥ የሚያድነው ባች አለ። አገር ቤት ሆነሽ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞሽ ከሆነ፣ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በ2 ደቂቃ ማውራት እስክትችይ ድረስ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው። ባለቤትሽ ያዳምጥሽ።

የጎደለሽንም አልደብቅሽም። አንቺ የምታውቂው ክኒንና ሽሮፕ ነው፤ በዚህ አካባቢ ግን ብዙው ኩባንያ የሚሠራው ከሕያው ሴል የሚወጣ መድኃኒት ነው። መፈተሻውም ሌላ ነው፤ ኤላይዛ፣ የሴል ካልቸር፣ የፕሮቲን መለያ ጄል። ይህን ለመማር ሌላ ዲግሪ አያስፈልግሽም። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀርመንታውን ካምፓስ የባዮቴክኖሎጂ ሰርተፊኬት አለው፤ ከዚያ ውስጥ የላብራቶሪ ሥራ ያለበትን ኮርስ መርጠሽ ጀምሪ። ለአናቶሚ የከፈልሽውን ያህል ብትከፍዪበት እንኳ የምትገዢው ለምትገቢበት ቤት የሚሆን ዕቃ ነው። ሁለተኛው ጉድለትሽ ኮምፒዩተሩ ነው። ማሽኑ ያወጣውን ውጤት ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደነካው የሚመዘግብ ፕሮግራም አለ፤ በወረቀት ከለመድሽ መጀመሪያ ያስቸግርሻል፤ ሥራ ላይ ግን በሳምንታት ይለመዳል።

መግቢያውም እንዲህ ነው። በቀጥታ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ማመልከት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሠራተኛ በሚያቀርቡ ኤጀንሲዎች በኩል፣ የ6 ወር ወይም የ1 ዓመት ኮንትራት ሆኖ ነው። ደረጃው ከነበርሽበት ዝቅ ያለ ይሆናል፤ አለቃሽም በዕድሜ ልጅሽ ባትሆን ታናሽ እህትሽ ትሆናለች። ይህ እንደሚከነክን አውቃለሁ፤ እኔንም ከንክኖኛል፤ ለእኔ 2 ዓመት ነበር የፈጀው። ከመፈረምሽ በፊት የጤና መድን አለው ወይ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ቋሚ ያደርጋሉ ወይ፣ ሺፍቱ ስንት ሰዓት ነው ብለሽ ጠይቂ። ቋሚ እስክትሆኚ የባለቤትሽ ገቢ ቤቱን መያዝ መቻሉን ቁጭ ብላችሁ ደምሩ፤ ካልቻለ የማታ ሺፍት ፈልጊና የፓርኪንጉን ሥራ በሳምንት 2 ሌሊት አቆዪው። ሥራ ለማስገባት ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ኤጀንሲ አይደለም፤ አሜሪካ ያልሠራሽውን ልምድ ጨምሬ ልጻፍልሽ የሚልሽንም ራቂው።

እየሠራ መሆኑን የምታውቂው እንዲህ ነው። 30 ወይም 40 ቦታ አመልክተሽ አንድም ካልደወለ ችግሩ ሬዙሜው ላይ ነው፤ እንደገና ጻፊው። እየደወሉ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ከቀሩ ችግሩ አነጋገርሽ ላይ ነው፤ የክኒኑንና የ88ቱን ታሪክ እንደገና ተለማመጂ። 6 ወር ሞክረሽ ሁለቱም ካልተለወጠ፣ ያ ዝርዝር ግምገማ በእጅሽ ነውና የተፋጠነውን ነርሲንግ ያኔ እንደገና እናስበዋለን። ያኔ ልብሽ ምን እንደሚል ጻፊልኝ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ደረጃ ሥር መደበቁን ተዪው። «እማዬ፣ እዚህ ፋርማሲስት ለመሆን ሌላ 4 ዓመት ይፈልጋሉ፤ እኔ ወደ ፋብሪካ ላብራቶሪዬ ልመለስ ነው» በያት። ፋብሪካውን ታውቀዋለች። 10 ዓመት ነጭ ጋዋንሽን ያጠበችው እሷ ትሆናለች። ለጎረቤት ምን እንደምትል ራሷ ታውቅበታለች።

መጀመሪያ የምትሠሪውን ልንገርሽ። ከቀድሞው ፋብሪካሽ፣ አርማ ባለው ወረቀት፣ የሠራሽበትን ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር የሚናገር፣ የነካሻቸውን ማሽኖች የሚዘረዝር ደብዳቤ ያስፈልግሻል፤ የቀድሞ አለቃሽም በኢሜይል ሲጠየቁ ስለ አንቺ እንደሚመሰክሩ ማወቅ አለብሽ። በዳስሽ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ላብራቶሪው ተከፍቷል፤ ሚዛኑ እየተስተካከለ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ወደ ፓርኪንጉ የሚገባ መኪና ጥቂት ነው። ከዚያው ሆነሽ ደውዪላቸው።